ቋሚው አባዢ የማን ነው?

የዛሬው ርእሳችን የሚጀምረው ከአንድ ውድድር ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ክሬይ-1 ነው፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ፈጣኑ ሱፐር ኮምፒዩተር ተብሎ የሚታወቅ፣ ታላላቅ የምርምር ተቋማት ብቻ ሊገዙት የሚችሉት ማሽን ነበር። ሌላው ቲ.አር.ኤስ-80 ነው፤ በዚያው ዘመን በኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚሸጥ፣ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ዝግተኛ በሆነው ቤዚክ ቋንቋ የሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ነበር። ጆን ቤንትሊ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለቱን በአንድ ሥራ አወዳደራቸው። ለትልቁ ማሽን የሰጠው ደካማ ዘዴ ነበር፤ ለትንሹ ደግሞ ብልህ ዘዴ። በመጠኑ እየሰፋ በሄደው ሥራ ትንሹ አሸነፈ። ያሸነፈበት ምክንያት የአልጎሪዝሞች ጊዜ የሚለካበት ምልክት ምን እንደሚለካና ምን ሆን ብሎ እንደሚተው በግልጽ ያሳያል።

መጀመሪያ ሥራውን እንረዳ። አንድ ነጋዴ የቡናን ዋጋ በየቀኑ ይመዘግባል እንበል። የሚጽፈው ዋጋውን ራሱን ሳይሆን ከትናንት ስንት ብር እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ነው። በስምንት ቀን ውስጥ መዝገቡ 4፣ −6፣ 5፣ 3፣ −4፣ 6፣ −9፣ 2 ሆነ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ያሉት ተከታታይ ቁጥሮች ቢደመሩ ትልቁ ድምር ይገኛል? ማለትም የትኛው ቀን ገዝቶ የትኛው ቀን ቢሸጥ የተሻለ ያተርፍ ነበር? መልሱ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ያለው ነው፣ ማለትም በሁለተኛው ቀን ገዝቶ በስድስተኛው መሸጥ፤ 5 እና 3 ተደምረው፣ 4 ተቀንሶ፣ 6 ሲጨመር 10 ብር ይሆናል። በመካከል አንድ የኪሳራ ቀን መኖሩን ልብ በሉ። ኪሳራውን ተሸክሞ ማለፍ የሚያዋጣበት ጊዜ ስላለ ነው ችግሩ በዓይን ብቻ የማይፈታው።

ይህ ጥያቄ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኡልፍ ግሬናንደር በምስል ውስጥ ቅርጽን ለመለየት ሲሠራ ገጠመው። የእርሱ ችግር በሁለት አቅጣጫ የተዘረጋ የቁጥር ሰንጠረዥ ነበር፤ አልፈታለት ሲል ባሕርይውን ለመረዳት ወደ አንድ መስመር ቁጥሮች አቀለለው። ወደ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው መፍትሔ ሁሉንም መሞከር ነው። እያንዳንዱን ቀን መነሻ አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ቀን መድረሻ አድርጎ፣ በመካከላቸው ያሉትን ቁጥሮች እንደገና ከመጀመሪያው እየደመሩ ትልቁን መያዝ። ለስምንቱ ቀኖቻችን ይህ ዘዴ በትክክል 120 ጊዜ ቁጥር መደመርን ይጠይቃል። ቀኖቹ 1000 ቢሆኑ ግን ድምሮቹ 167,167,000 ይሆናሉ። መዝገቡ የረዘመው 125 እጥፍ ሲሆን ሥራው የበዛው ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ እጥፍ በላይ ነው።

ችግሩን በሰሚናር የሰማው የካርኔጊ ሜሎን የስታቲስቲክስ ሊቅ ጄይ ካዴን ደግሞ፣ ቤንትሊ እንደጻፈው፣ በአንድ ደቂቃ ያህል ውስጥ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ዘዴ አቀረበ። መዝገቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ እንሄድበታለን። እየሄድን የሩጫ ድምር እንይዛለን፤ ድምሩ ከዜሮ በታች ከወረደ ግን ጥለነው ከዜሮ እንጀምራለን። ምክንያቱም ዕዳ ተሸክሞ የሚመጣ ድምር ለሚቀጥሉት ቀናት ሸክም እንጂ ስንቅ አይሆንም፤ ከእርሱ ጋር ከመቀጠል ያለ እርሱ መነሣት ሁልጊዜ ይሻላል። በእኛ መዝገብ የሩጫው ድምር 4 ይሆናል፤ ቀጥሎ −2 ሊሆን ሲል ወደ 0 ይመለሳል፤ ከዚያ 5፣ 8፣ 4፣ 10፣ 1፣ 3 እያለ ይጨርሳል። በመንገድ ላይ ያየነው ትልቁ 10 ነው፤ መልሱም እርሱ ነው። ለስምንት ቀን ስምንት እርምጃ፣ ለሺህ ቀን ሺህ እርምጃ ብቻ። በፕሮግራም ሲጻፍ ይህን ያህል ነው፦

```
best = 0
current = 0
for x in changes:
    current = max(0, current + x)
    best = max(best, current)
```

አሁን ወደ ውድድሩ እንመለስ። ቤንትሊ ሁሉን የሚሞክረውን ዘዴ በክሬይ-1 ላይ፣ የካዴንን ዘዴ በቲ.አር.ኤስ-80 ላይ አስሠርቶ የየራሳቸውን ጊዜ በቀመር አስቀመጠ። የቁጥሮቹን ብዛት n ብንለው፣ ክሬይ-1 የሚፈጀው 3n³ ናኖ ሰከንድ ነው። ቲ.አር.ኤስ-80 ደግሞ 19,500,000n ናኖ ሰከንድ ይፈጃል። የፊተኞቹን ቁጥሮች ብቻ ብንመለከት ጨዋታው ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስላል፤ የትንሹ ማሽን አባዢ ከትልቁ ስድስት ሚሊዮን ተኩል እጥፍ ይበልጣል። በእርግጥም ለ100 ቁጥሮች ክሬይ-1 በ3 ሚሊ ሰከንድ ሲጨርስ ትንሹ 2 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ለ1000 ቁጥሮች 3 ሰከንድ ለ20 ሰከንድ ነው። በ2500 አካባቢ ሁለቱም 50 ሰከንድ ገደማ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ይገለበጣል። ለ10,000 ቁጥሮች ሱፐር ኮምፒዩተሩ 50 ደቂቃ ሲፈጅ የሱቁ ማሽን ሦስት ደቂቃ ከሩብ ይበቃዋል። ለአንድ ሚሊዮን ቁጥሮች ስሌቱ ለክሬይ-1 95 ዓመት ሲሰጥ ለትንሹ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሰጣል።

የጊዜ ውስብስብነት ምልክት የሚለካው በእነዚህ ሁለት ቀመሮች መካከል ያለውን የዓይነት ልዩነት ነው። የመጀመሪያውን O(n³)፣ ሁለተኛውን O(n) ብለን እንጽፋለን። ፊደሉ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው፤ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ፓውል ባኽማን እ.ኤ.አ. በ1894 ተጠቀመበት፣ ኤድሙንድ ላንዳው ደግሞ አስፋፋው። ትርጉሙ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ አንድ ዘዴ O(n³) ነው ማለት፣ አንድ ቋሚ ቁጥር መርጠን በn³ ብናባዛው፣ ከአንድ መጠን በላይ ላሉት n ሁሉ የዘዴው እርምጃዎች ከዚያ ብዜት አይበልጡም ማለት ነው። ስለዚህ ምልክቱ ሰከንድ አይለካም። የሚለካው ሥራው ሲያድግ ወጪው በምን ቅርጽ እንደሚያድግ ነው፤ እርሱንም ከላይ በኩል ወሰን በማበጀት። የድምሮቹ ትክክለኛ ብዛት n³/6 + n²/2 + n/3 ነው። n 1000 ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል 166,666,667 ገደማ ይሰጣል፣ ሁለተኛው 500,000፣ ሦስተኛው 333። ሁለቱ ጭራዎች ተደምረው ከጠቅላላው አንድ በመቶ ሲሶ እንኳ አይሞሉም፣ n ባደገ ቁጥርም ድርሻቸው ይመነምናል። እነርሱን መተው ማንንም አያስከፋም። ጥያቄ የሚያስነሣው የስድስተኛው እጅ ጉዳይ ነው፤ 1/6 የምትለዋ አባዢ n ቢያድግም አትመነምንም። ታዲያ እርስዋን በምን መብት እንጥላለን?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ትንሽ ስለሆነች» የሚል ነው። ይህ መልስ ስሕተት ነው ብዬ እሟገታለሁ። ምልክቱ 1/6ን ብቻ ሳይሆን 19,500,000ንም ይጥላል፤ ሁለተኛዋን ትንሽ ናት የሚል አይገኝም። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ ቋሚው አባዢ የዘዴው ንብረት አይደለም። የካዴን ዘዴ ውስጥ 19,500,000 የሚባል ቁጥር የለም። ቁጥሩ የመጣው ከቲ.አር.ኤስ-80 ዝግታ፣ እያንዳንዱን መስመር እየተረጎመ ከሚያስኬደው ቤዚክ፣ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከሚያስፈልጉት ጥቃቅን ትእዛዞች ነው። ያንኑ ዘዴ ዛሬ በኪስ ስልክ ላይ ብናስኬደው አባዢው በብዙ ሺህ እጥፍ ይወርዳል፤ ዘዴው ግን ያው ዘዴ ነው። ማሽኑም ቢቀር፣ «አንድ እርምጃ» ብለን የምንቆጥረው ራሱ በእኛ ምርጫ ይወሰናል። መደመርን ብቻ የቆጠረ ሰው n ያገኛል፤ ማወዳደርንም የጨመረ 3n ያገኛል፤ ከማኅደረ ትውስታ ማንበብንና መጻፍን የጨመረ ደግሞ ሌላ። ሦስቱም አልተሳሳቱም፤ መስፈሪያቸው ነው የተለያየው። አንድ ክምር እህል በጣሳ ሲሰፈር አንድ ቁጥር፣ በቁና ሲሰፈር ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ይህኛው ክምር የዚያኛው እጥፍ መሆኑ ግን በጣሳም በቁናም ያው ነው። ምልክቱ የሚይዘው ይህን በመስፈሪያ የማይለወጠውን ነገር ነው።

ይህን በእጃችን ልንፈትነው እንችላለን። ሁሉን የሚሞክረው ዘዴ n ቁጥሮችን በ3n³ ከሠራ፣ የቁጥሮቹ ብዛት እጥፍ ሲሆን 3 ጊዜ (2n)³ ይፈጃል፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍል ሦስቱ ከሦስቱ ጋር ይጣፋና 8 ይቀራል። በሦስት ፈንታ መቶ ወይም ሚሊዮን ብናስገባም የሚቀረው 8 ነው። የካዴንን ዘዴ በእጥፍ መዝገብ ብናስኬደው ደግሞ፣ አባዢው ምንም ይሁን ምን፣ 2 ይቀራል። ስለዚህ ውስጡን ያላየነውን ፕሮግራም ዓይነት ማወቅ ብንፈልግ በሰዓት መለካት ይበቃናል፤ በ1000፣ በ2000፣ በ4000፣ በ8000 ቁጥር አስኬደን ጊዜዎቹን እናካፍላለን። ውጤቱ ወደ 2 ከተጠጋ መስመራዊ ነው፤ ወደ 4 ከሆነ n²፣ ወደ 8 ከሆነ n³። ጥንቃቄ የሚፈልገው መነሻው ነው። ሥራው በጣም ትንሽ ከሆነ ፕሮግራሙን ለማስነሣት የሚፈጀው ጊዜ ይውጠውና ክፍፍሉ ወደ 1 ይወርዳል። ሥራው በጣም ሲሰፋ ደግሞ መረጃው ከፈጣኑ የማኅደረ ትውስታ ክፍል አልፎ ወደ ዝግተኛው ስለሚፈስ ክፍፍሉ ለጊዜው ከሚገባው በላይ ይዘልላል። አንድን ክፍፍል ብቻ አይቶ መፍረድ የሚያሳስተው በዚህ ነው፤ ተከታታይ ክፍፍሎች ወደ አንድ ቁጥር ሲረጉ ነው የሚታመነው።

የአባዢው ባዕድነት በንድፈ ሐሳብም ተረጋግጧል። ዩሪስ ሃርትማኒስና ሪቻርድ ስተርንስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት፣ የዚህ ዘርፍ መሠረት በሆነው ጽሑፍ፣ ቲዩሪንግ ማሽን በሚባለው የሒሳብ ማሽን ላይ አንድን ስሌት በፈለግነው ቋሚ እጥፍ ማፋጠን እንደሚቻል አሳዩ። መላው በአንድ ሣጥን አንድ ምልክት መጻፉን ትቶ ብዙ ምልክቶችን አንድ ላይ አጭቆ መጻፍ ነው፤ ያኔ ማሽኑ በአንድ እርምጃ የብዙ እርምጃዎችን ሥራ ይሠራል። ግብዓቱን ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ግን የማይቀር ስለሆነ መፋጠኑ ወሰን አለው። ቁም ነገሩ፣ በሰፊ ፊደል ገበታ ብቻ ሊለወጥ የሚችል ቁጥር ስለ ችግሩ ክብደት ምስክር ሊሆን አይችልም የሚለው ነው። ከn³ ወደ n መውረድ ግን በምንም ዓይነት ማጨቅ አይገኝም፤ የካዴንን ዓይነት አዲስ ሐሳብ ይጠይቃል።

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። «ማሽኖች በየጊዜው ይፈጥናሉ፤ አባዢውን ካወረድነው ቅርጹ ምን ያስጨንቀናል?» ይባላል። እስቲ ሺህ እጥፍ የሚፈጥን ማሽን በነጻ ተሰጠን እንበል። የካዴንን ዘዴ የያዘ ሰው በዚያው ሰዓት ሺህ እጥፍ የሚረዝም መዝገብ ይጨርሳል። ሁሉን የሚሞክረውን ዘዴ የያዘው ግን አሥር እጥፍ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ምክንያቱም አሥር በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ሺህ ይሆናልና፣ ያ ሁሉ ፍጥነት ለዚያች ለአሥር እጥፍ ይከፈላል። የማሽኑ መፍጠን በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ያሰፋዋል እንጂ አያጠብበውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያዎች የሚመጣ ነው፤ እውነትም አለው። ትርጉሙ «ከአንድ መጠን በላይ» ይላል፤ የእኛ ሥራ ከዚያ መጠን በታች ቢሆንስ? በቤንትሊ ውድድር ከ2500 በታች ላለ ሰው ደካማው ዘዴ በትልቁ ማሽን ይሻለው ነበር። በዕለታዊ ሥራ ደግሞ የቁጥሮችን ቅደም ተከተል የማስተካከል ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። እያንዳንዱን አዲስ ቁጥር ከፊቱ ባሉት መካከል ቦታው ላይ የሚሰካው ቀላል ዘዴ በአማካይ n²/4 ያህል ማወዳደር ይፈጃል። መዝገቡን እየከፈለ መልሶ የሚያዋህደው ዘዴ ደግሞ n ጊዜ የn ሎጋሪዝም ገደማ ይፈጃል፤ ይህ ሎጋሪዝም n 1 እስኪሆን ድረስ ስንት ጊዜ ለሁለት እንደሚከፈል የሚቆጥር ነው። ለ1000 ቁጥሮች 250,000 ለ10,000 ነው፤ ክርክር የለውም። ለ16 ቁጥሮች ግን 64 ለ64 ይሆናሉ። ያኔ የሚወስነው የእያንዳንዱ እርምጃ ርካሽነት ነው፤ በዚያም የሚሰካው ዘዴ ያሸንፋል፤ ጎን ለጎን ባሉ ቦታዎች ላይ ብቻ ስለሚሠራ፣ ተጨማሪ ቦታም ስለማይጠይቅ። ለዚህ ነው ቲም ፒተርስ ለፓይተን ቋንቋ የሠራው ቲምሶርት አጫጭር ክፍሎችን በመሰካት አስተካክሎ ረጃጅሞቹን በማዋሃድ የሚጨርሰው። በሰፊው የሚሠራበት የጂ.ሲ.ሲ. የሲ++ ቤተ መጻሕፍትም ከ16 የማይበልጡ ቁርጥራጮችን በመሰካት ይጨርሳል። እነዚህ ሰዎች ምልክቱን አልናቁም፤ ምልክቱ ስለ ትልቅ n እንደሚናገር፣ ስለ ትንሽ n ደግሞ ዝም እንደሚል አውቀው በየቦታው ተጠቅመውበታል።

የምልክቱ ዝምታ ትልቅ ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴቪድ ሃርቪና ዮሪስ ፋን ደር ሁፈን ሁለት ግዙፍ ቁጥሮችን ለማባዛት የአሃዞቻቸውን ብዛት በሎጋሪዝሙ ያባዛ ያህል እርምጃ ብቻ የሚጠይቅ ዘዴ አገኙ፤ ለአሥርት ዓመታት ሲጠበቅ የነበረ ውጤት ነው። ማረጋገጫቸው የሚሠራው ግን ተባዢዎቹ ቢያንስ 2 በ1729¹² ርቢ ያህል አሃዝ ሲኖራቸው ነው፤ ይህን ያህል አሃዝ የሚጻፍበት ቦታ በሚታየው ዩኒቨርስ ውስጥ የለም። ውጤቱ እውነት ነው፣ ታላቅም ነው፤ ሊነግረን የፈለገው ማባዛት በመሠረቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። ነገ ጠዋት የትኛውን ፕሮግራም እንደምንጭን ሊነግረን አልፈለገም።

ለእኔ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ግን ይህኛው ግዙፍ ቁጥር ሳይሆን ሎጋሪዝሙ ራሱ ነው። የአንድ ሚሊዮን ሎጋሪዝም 20 ገደማ ነው፤ የአንድ ቢሊዮን 30። አንድ ዘዴ 50n እርምጃ ቢፈጅ፣ ሌላው ደግሞ n ጊዜ የn ሎጋሪዝም ቢፈጅ፣ ምልክቱ የመጀመሪያው ይሻላል ይላል። ሁለቱ የሚገናኙት ግን ሎጋሪዝሙ 50 ሲደርስ ነው፤ ማለትም ከአንድ ሺህ ትሪሊዮን በላይ ቁጥሮች ሲኖሩ። እስከዚያ ድረስ ምልክቱ የበታች ያለው ዘዴ ይቀድማል። በn³ና በn መካከል ያለው ገደል ስድስት ሚሊዮን ተኩል እጥፍ አባዢን በ2500 ቁጥር ሲያጥፍ፣ በn እና በn ጊዜ የn ሎጋሪዝም መካከል ያለው ጉድጓድ ግን ሃምሳ እጥፍን እንኳ በኖርንበት ዓለም አያጥፍም። አባዢን የመተው መብታችን እንግዲህ በሁሉም ቦታ እኩል አይጸናም። ልዩነቱ የn ርቢ በሆነበት በሙሉ ልብ እንተወዋለን፤ ልዩነቱ ሎጋሪዝም ብቻ በሆነበት፣ ወይም ሁለቱ ዘዴዎች ከአንድ ዓይነት በሆኑበት፣ አባዢው ተመልሶ ዳኛ ይሆናል፤ ያኔም በሰዓት መለካት ግዴታ ነው።

በእጥፍ የመለካቱ ፈተናም ይህንኑ ያረጋግጣል። n ጊዜ የn ሎጋሪዝም የሚፈጀውን ዘዴ ከአንድ ሚሊዮን ወደ ሁለት ሚሊዮን ብናሳድገው፣ ክፍፍሉ 2 ሳይሆን 2.1 ይሆናል። መስመራዊው በትክክል 2 ይሰጣል። በዚያች በአንድ አሥረኛ ልዩነት ውስጥ የማሽኑ የጀርባ ሥራዎች፣ የማኅደረ ትውስታው መዝለል፣ የሰዓቱ ራሱ ግድፈት ሁሉ ይገባሉ፤ በእነርሱም መካከል ሎጋሪዝሙን ለይቶ የሚያይ ሰዓት በቀላሉ አይገኝም።